ሁለቱም ያሳምኑኛል፤ የቱን ልያዝ?

«እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን በየጊዜው አነባለሁ። የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ለመግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ንባብ እወዳለሁ። አንድ ምንባብ ብቻ ሲሆን ብዙም አልሳሳትም። ችግሬ ሁለት ምንባብ አብረው ሲመጡ ነው፤ አንድ ጉዳይ ላይ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ሲጽፍ። የመጀመሪያውን ሳነብ ልክ ነው እላለሁ። ሁለተኛውን ሳነብ እሱም ልክ ይሆንብኛል። ጥያቄዎቹ ጋ ስደርስ ማን ምን እንዳለ ይምታታብኛል። ታላቅ እህቴ ‹አንቺ ድሮም የራስሽ አቋም የለሽም፣ መጨረሻ የተናገረው ይወስድሻል› ትለኛለች። ቤት ውስጥ ሰው ሲጣላም እንደዚያው ስለሆንኩ ነገሩ አሳመመኝ። የሚያስጠናኝ ልጅ ደግሞ ‹እነዚህን ጥያቄዎች ዝም ብለሽ ገምቺና እለፊ› ይለኛል። እውነት የባሕርይ ችግር ይሆን? ልተዋቸው? በቅርቡ የተሳሳትኩበትን ምንባብ ከነመልሶቼ አያይዤ ልኬያለሁ። እባክዎ ይዩልኝ።»

የኔ እህት፣ የላክሽውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አየሁት። ከምንባቡ ይልቅ ዓይኔ የገባው ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የጫርሽው ነው። ምንባብ አንድ ጎን «ልክ!» ብለሽ ጽፈሻል። ምንባብ ሁለት ጎንም «ይሄም ልክ!!» አልሽ። በቃ፣ እዚያ ላይ ነገሩ ገባኝ።

እህትሽ የተናገረችውን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው። አንድ ጸሐፊ ሐሳቡን ሲያስረዳሽ ማሳመኑ ያንቺ ድክመት አይደለም። ጽሑፉን ስለተረዳሽው ነው። ያልገባው ሰው ምን ያሳምነዋል? ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስታነቢ «ማን ነው ልክ?» ብለሽ ራስሽን ትጠይቂ ነበር? ጭረቶችሽ እንደዚያ ይላሉ። ፈተናው ግን ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ አላነሳም። እሱ የሚፈልገው ሁለቱ ሰዎች የት ላይ እንደሚገናኙና የት ላይ እንደሚለያዩ ነው። አንቺ ዳኛ ሆነሽ ተቀመጥሽ። የሚፈለገው ግን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ነው። ማን ምን አለ፣ በምን ተስማሙ፣ በምን አልተስማሙ፤ አለቀ።

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ምንባቦቹን አጠር አድርጌ ላስቀምጣቸው። ጉዳዩ አሜሪካ ያለው የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ አንድ፦ «በየሎውስቶን የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች በ1926 ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ኤልክ የሚባሉት ትላልቅ አጋዘኖች በረከቱ። በወንዝ ዳር የሚበቅለውን አኻያ ገና ቀንበጥ እያለ ይግጡት ጀመር። በ1995 እና በ1996 ከካናዳ የመጡ 31 ተኩላዎች ፓርኩ ውስጥ ተለቀቁ። የኤልኮቹ ቁጥር አሽቆለቆለ። የቀሩትም ወንዝ ዳር ተረጋግተው መዋል ፈሩ። አኻያው ቀና አለ፣ ወፎች ተመለሱ፣ ቢቨር የሚባሉት ወንዝ የሚገድቡ እንስሳትም ግድባቸውን እንደገና ሠሩ። ተኩላው የፓርኩን ሕይወት መልሶ አቆመው።»

ምንባብ ሁለት፦ «የተኩላው ታሪክ ደስ ይላል፤ ለመተረክም ይመቻል። እርግጥ ነው፣ ተኩላዎቹ ከተመለሱ በኋላ ኤልኮቹ ቀንሰዋል። ሆኖም በዚያው ዘመን ድቦችም በርክተዋል፣ ከፓርኩ ድንበር ውጭ ሰዎች ኤልክ ያድኑ ነበር፣ ድርቅም ነበር። አኻያውም ቢሆን ያገገመው በአንዳንድ ቦታ ብቻ ነው። ተኩላ ባልነበረባቸው ዓመታት ቢቨሮች ከብዙ ጅረቶች ጠፍተው ነበር። ግድባቸው ሲፈርስ ጅረቱ መሬቱን እየሰረሰረ ወደ ታች ወረደ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃም አብሮት ራቀ። ሥሩ ውሃ ያላገኘ አኻያ ማንም ባይግጠውም አያድግም። የጎደለ አዳኝ መመለስ ብቻውን የፈረሰውን ሁሉ አይጠግንም።»

አሁን ወደ መልሶችሽ እንሂድ። አራት ጥያቄ ነበር፤ አራቱንም አላገኘሻቸውም። የሚገርመው፣ አራቱ ስህተቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። «ተቃራኒ ምንባብ አይሆንልኝም» ብለሽ አንድ ላይ ባትጠቀልያቸው ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሁለቱም ጸሐፊዎች የሚቀበሉት የትኛውን ነው?» የሚል ነው። አንቺ «የተኩላው መመለስ ለፓርኩ ጠቅሟል» የሚለውን ከበብሽ። እስቲ ምንባብ ሁለትን እንደገና አንብቢና ይህን የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ጣትሽን አስቀምጪ። የለም። «አልጠቀመም» የሚልስ? እሱም የለም። ጸሐፊው ስለ ጥቅሙ ዝም ብሏል። ሰው ዝም ሲል ተስማምቷል ማለት አይደለም፤ ተቃውሟል ማለትም አይደለም። ተስማሚ ነጥብ ሲጠየቅ ከሁለቱም ወገን በቃል የተነገረ ነገር ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይ መጀመሪያ የምሄደው ሁለተኛው ጸሐፊ ወደ ሰጠው ነገር ነው። ተቃራኒ ሐሳብ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይለቃል። «እርግጥ ነው» ይላል፣ «ምንም እንኳ» ይላል፣ «መካድ አይቻልም» ይላል። ከዚያ «ሆኖም» ብሎ ወደ ራሱ ሐሳብ ይመለሳል። ብዙ ተማሪ «ሆኖም» የምትለዋን ያሰምርባትና ከሷ በፊት ያለውን ይዘለዋል። ስምምነቱ ያለው ግን እዚያች የተዘለለች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። የላክሽው ላይ «እርግጥ ነው፣ ተኩላዎቹ ከተመለሱ በኋላ ኤልኮቹ ቀንሰዋል» ይላል። ምንባብ አንድ ደግሞ «የኤልኮቹ ቁጥር አሽቆለቆለ» ብሏል። መልሱ ይኸው ነው፤ ኤልኮቹ ከተኩላዎቹ መመለስ በኋላ ቀንሰዋል። ከአማራጮቹ ሁሉ ደረቁና አሰልቺው እሱ ነበር። ስለዚህም ይመስለኛል ያለፍሽው። ሁለት ተከራካሪዎች የሚስማሙበት ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ደረቅ ያለ ነው።

አንዲት ቃል ላይ ግን ተጠንቀቂ። አማራጭ መ ላይ «ኤልኮቹ የቀነሱት በተኩላዎቹ ምክንያት ነው» የሚል አለ። ሲያዩት ያው ይመስላል። ግን «በኋላ» እና «ምክንያት» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጸሐፊ ድቡን፣ አዳኙን ሰውና ድርቁን የደረደረው ምክንያቱ ተኩላ ብቻ እንዳይባል ነው። «በኋላ» የሚለውን ፈርሞልሻል፤ «ምክንያት» የሚለውን አልፈረመም። እንዲህ ያሉ ፈተናዎችን የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህችን ወጥመድ ይወዷታል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ምንባብ አንድ ‹ተኩላው የፓርኩን ሕይወት መልሶ አቆመው› ሲል የምንባብ ሁለት ጸሐፊ ምን ይመልሳል?» ይላል። መልስሽ «አኻያው አገገመ የሚባለው ሐሰት ነው ይላል» የሚል ነበር። እዚህ ሰውየውን አጋነንሽው። ተቃዋሚ ስለሆነ ሁሉንም ይክዳል ብለሽ አሰብሽ። እሱ ግን አልካደም፤ «በአንዳንድ ቦታ ብቻ» አለ። ይህ ማለት አንዳንድ ቦታ አገግሟል ማለት ነው። ትክክለኛው አማራጭ «ማገገሙ ውሃ ባለበት ብቻ የተወሰነ ነው፤ አዳኙን መመለስ ብቻውንም አይበቃም ይላል» የሚለው ነው። «ብቻ» እና «ብቻውን» የሚሉትን ልብ አልሽ? ጸሐፊው ራሱ የተጠቀመባቸው ናቸው። ለዘብ ያለ ጸሐፊ ለዘብ ያለ መልስ ይሰጣል። አማራጩ ከጸሐፊው በላይ ከጮኸ ጠርጥሪው።

እዚህ ላይ የእኔ አንድ ጥፋት ትዝ አለኝ። ድሮ ተማሪ ሳስጠና ወረቀት ለሁለት አስከፍዬ «ደጋፊ» እና «ተቃዋሚ» አስጽፋቸው ነበር። ንጹሕ ይመስላል። ግን ልጆቹ ተቃዋሚ በሚለው አምድ ስር ጸሐፊው ያላለውን ሁሉ ይጽፉ ጀመር፤ ምክንያቱም አምዱ መሞላት አለበት። አንዷ ልጅ «ተኩላ መጥፎ ነው» ዓይነት ነገር ጽፋ፣ «የት ላይ አገኘሽው?» ስላት «ተቃዋሚ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያንን ወረቀት ተውኩት።

አሁን የማስጽፈው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ምንባብ እንደጨረስሽ፣ ጥያቄዎቹን ሳታዪ፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ሁለቱም ይህን ይቀበላሉ፤ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።» ላንቺ ምንባብ ብሞላው፣ «ሁለቱም ኤልኩ መቀነሱን ይቀበላሉ፤ የሚለያዩት ይህ መቀነስ አኻያውን ለማዳን ይበቃል ወይ በሚለው ነው» እላለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ማጠፊያ እላታለሁ፤ በሩ የሚዞረው በሷ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ደቂቃ ትፈጅብሻለች። ትለምጅዋለሽ። ካልሞላችልሽ ደግሞ አንድ ነገር ነገረችሽ ማለት ነው፤ አንዱን ምንባብ ገና አልያዝሽውም። ወደ አማራጮቹ ከመሄድ ተመልሰሽ እሱን ማየት ይሻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ማጠፊያዋ «የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው» በሚለው ላይ እምቢ ትላለች። ሁለቱ ጭራሽ ስለ አንድ ነገር ላይነጋገሩ ይችላሉ። አንዱ ስለ ድሮ፣ ሌላው ስለ ወደፊት ይጽፋል። ወይም አንዱ አጠቃላይ ደንብ ያወጣል፣ ሌላው ደንቡ ያልሠራበትን አንድ ቦታ ያሳያል። ያኔ ግጭት አትፈልጊ፤ «ሁለተኛው የመጀመሪያውን ወሰን ያበጃል» የሚል ዓይነት አማራጭ ካለ እሱን እይ። ያንቺም ምንባብ በከፊል እንደዚያ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ደስ ያለኝ ነው፤ «ከሚከተሉት ግኝቶች የሁለቱን ጸሐፊዎች ክርክር ለመፍታት ይበልጥ የሚረዳው የቱ ነው?» ይላል። አንቺ የመረጥሽው «ኤልኮቹ በየዓመቱ በስንት እንደቀነሱ የሚያሳይ ቆጠራ» የሚለውን ነው። ለምን እንደመረጥሽው ይገባኛል። ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ማስረጃ ይመስላል። ግን ማጠፊያዋን አጠገቡ አስቀምጪው። ኤልኩ መቀነሱ የሚያከራክር ነገር ነው? አይደለም፤ ሁለቱም ተስማምተዋል። በተስማሙበት ነገር ላይ የቱንም ያህል ቆጠራ ብታመጪ ከሁለቱ አንዱም ንቅንቅ አይልም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እያንዳንዱን አማራጭ ለሁለቱ ጸሐፊዎች በየተራ አሳዪያቸውና «ይህ ቢገኝ ምን ትላለህ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። አማራጭ ሐ ላይ «ኤልክ እንዳይገባ በአጥር የተከለሉ፣ የከርሰ ምድር ውሃቸው ግን የራቀ ቦታዎች ላይ አኻያው ምን ያህል አደገ?» የሚል ነበር። ለመጀመሪያው ጸሐፊ አሳዪው። እሱ የአኻያው ጠላት የኤልኩ አፍ ነው ብሏል፤ ስለዚህ አጥር ካለ ያድጋል ማለት አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ውሃ ከሌለ ማንም ባይግጠውም አያድግም ብሏል፤ ስለዚህ አያድግም ይላል። አየሽ? አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል። ክርክር የሚፈታው ሁለቱ የተለያየ ነገር የሚጠብቁበት ግኝት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሚጠብቁበት ግኝት፣ የቱንም ያህል አስደናቂ ቢሆን፣ መልስ አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ሙከራ በእውነት ተደርጓል። ተመራማሪዎች እዚያው የሎውስቶን ውስጥ አንዳንዱን ቦታ አጠሩ፣ አንዳንዱ ጅረት ላይ እንደ ቢቨር ትናንሽ ግድቦች ሠሩ፣ ሌላው ላይ ሁለቱንም አደረጉ። ከዚያ አስር ዓመት ያህል ተከታተሉ። አጥር ብቻ የተደረገበት አኻያ በደንብ ሊያገግም አልቻለም፤ ግድቡም አጥሩም ያለበት ግን ረዘመ። ይህን የማነሳው ግን ላስጠነቅቅሽም ጭምር ነው። ፈተና ላይ ይህን ማወቅሽ አይጠቅምሽም፤ እንዲያውም ሊጎዳሽ ይችላል። «ሁለተኛው ልክ እንደሆነ አውቃለሁ» ብለሽ ስትገቢ፣ የመጀመሪያውን ጸሐፊ ያላለውን እንዲል ታደርጊዋለሽ። ከውጭ የምታውቂውን ከበሩ ውጭ አስቀምጪ፣ ስትወጪ ትወስጂዋለሽ።

አራተኛው የጽሑፍ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ምንባቦች ተጠቅመሽ አንድ አንቀጽ እንድትጽፊ። አንቺ የጻፍሽው እንዲህ ይላል፦ «ምንባብ አንድ ተኩላው ጥሩ ነው ይላል። ምንባብ ሁለት ደግሞ አይደለም ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ ናቸው።»

አትፈሪ፣ አልስቅብሽም። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ግን እንየው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ አንዱ፣ ሁለተኛው ስለ ሌላው ነው፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አልገቡም። የማዋሃድ ጥያቄ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲቀመጡ ይፈልጋል። «ሁለቱም ልክ ናቸው» ያልሽው ግን የሚጣል ሐሳብ አይደለም። አልጨረስሽውም እንጂ እውነት አለው። በምን ልክ ናቸው? መቼ? የት?

እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «ሁለቱም ጸሐፊዎች ተኩላዎቹ ከተመለሱ በኋላ ኤልኮቹ መቀነሳቸውን ይቀበላሉ። የሚለያዩት ይህ መቀነስ አኻያውን ለማዳን ይበቃል ወይ በሚለው ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ አኻያውን የሚጎዳው መጋጡ እንደሆነ ስለሚያምን፣ ኤልኩ ሲቀንስ አኻያው ቀና ማለቱን እንደ ማስረጃ ያቀርባል። ሁለተኛው በዚህ ላይ የውሃውን መራቅ ይጨምርና ማገገሙ ለምን በአንዳንድ ቦታ ብቻ እንደታየ ያስረዳል። አብረው ሲነበቡ፣ አኻያው ይበልጥ ያገግማል ተብሎ የሚጠበቀው መጋጡም በቀነሰበት፣ ውሃውም ቅርብ በሆነበት ቦታ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢያት። ምንባብ አንድ ውስጥ የለችም። ምንባብ ሁለት ውስጥም እንደዚያ ሆና የለችም። ሁለቱን ስታጋጥሚ የወጣች ናት። አራሚ የሚፈልገው እሷን ነው። ያንቺ «ሁለቱም ልክ ናቸው» እዚያ ሊደርስ ሲል ቆመ። ሌላም ነገር አለ፤ «ይላል» እያልሽ ብቻ ከመሄድ ጸሐፊው ምን እያደረገ እንደሆነ የሚያሳይ ግስ ፈልጊለት። ይቀበላል፣ ይጨምራል፣ ይጠራጠራል፣ ወሰን ያበጃል፣ ማስረጃ ያቀርባል። «ይላል» ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። «ይጨምራል» ያልሽ ቀን ግን «በምን ላይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ያኔ ሳትወጂ ምንባብ አንድን ትጠቅሻለሽ።

ጊዜ አልቆብኝ ነው የምትይኝም ይመስለኛል፤ የመጨረሻ ክብቦችሽ ተቻኩለው የተጻፉ ናቸው። ሁለቱን ምንባቦች አከታትለሽ አንብበሽ ከዚያ ጥያቄዎቹን የምትጀምሪ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ቀይሪ። ምንባቦቹ ረዣዥም ሆነው ለየብቻቸውም ጥያቄ ካላቸው፣ ምንባብ አንድን አንብበሽ የሱን ብቻ ጥያቄዎች መልሺ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የሱን። የጋራዎቹን መጨረሻ። ሁለተኛውን ስትጀምሪ የመጀመሪያው ሰውዬ አንዴ ተፈትኖ ተቀምጧል፤ ድምፁ ከሁለተኛው ጋር አይቀላቀልም። ምንባቦቹ አጫጭር ሆነው ጥያቄው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ኤስኤቲ በሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ዲጂታል ፈተና ላይ እንዳለው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቢ። ብዙ ጊዜ «የጽሑፍ 2 ጸሐፊ በጽሑፍ 1 ላለው ለዚህ ምን ይመልሳል?» ይላልና የምትፈልጊውን ይነግርሻል። ማን ለማን እንደሚመልስ ጣትሽን አስነክተሽ እይ። ከአማራጮቹ መካከል አንዱ አቅጣጫውን ገልብጦ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሐሳቡ ትክክል ይሆንና የተናገረው ሰው ሌላው ይሆናል።

አማራጮቹ ረዘም ሲሉ ለሁለት ቁረጫቸው። «ምንባብ አንድ ይህን ሲያደርግ ምንባብ ሁለት ያንን ያደርጋል» የሚል ከሆነ ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ጋር ብቻ አስተያዪ። አንዱ ግማሽ ከወደቀ ሙሉው ወድቋል፤ ሌላው ግማሽ የቱንም ያህል ቢያምር። እኔ ከሁለተኛው ግማሽ እጀምራለሁ፤ ስህተቱን እዚያ የሚደብቁ ይመስለኛል። ይሄ የኔ ልማድ ነው፣ ደንብ አይደለም።

አስጠኚሽ «ገምቺና እለፊ» ያለሽን እንዴት ታይዋለሽ? ሰዓትሽ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ልክ ነው፤ ባዶ ከመተው ግምት ይሻላል፣ ለስህተት ነጥብ የሚቀንስ ፈተና ካልሆነ በቀር። ከመጀመሪያው ተስፋ ቆርጦ መተው ግን ሌላ ነው። በተለይ «ሁለቱም የሚቀበሉት» የሚለው ዓይነት፣ የተለቀቀችውን ዓረፍተ ነገር ካገኘሻት በቶሎ የሚያልቅ ጥያቄ ነው። ከገመትሽም ጯሂዎቹን አማራጮች ጥለሽ ገምቺ።

ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ይህን ብትሞክሪ ምን ይመስልሻል? በቀን አንድ ጥንድ ምንባብ ብቻ። ማጠፊያዋን ጻፊ፣ አማራጮቹን በእጅሽ ሸፍነሽ መልሱን በራስሽ ቃል ተናገሪ፣ ከዚያ ግለጪ። ስትሳሳቺ ትክክለኛውን ፊደል ጽፈሽ አትለፊ። የተሳሳትሽበት አማራጭ ጎን ከአራት ቃላት አንዷን ጻፊ፦ ዝምታ፣ ማጋነን፣ ማቀያየር፣ ወይም ዳር። ዝምታ ማለት ጸሐፊው ያላለውን አስባልኩት ነው። ማጋነን ማለት ያለውን ከልኩ በላይ አጮህኩት። ማቀያየር ማለት የአንዱን ለሌላው ሰጠሁ። ዳር ማለት እውነት ነው ግን የተጠየቅኩት አይደለም፤ እንደ ኤልክ ቆጠራው። በላክሽው ወረቀት ላይ ከሦስቱ የምርጫ ጥያቄዎች አንዱ ዝምታ፣ አንዱ ማጋነን፣ አንዱ ዳር ነው። ማቀያየር አንድም የለም። «ማን ምን እንዳለ ይምታታብኛል» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ፤ ወረቀትሽ ግን እሱን አያሳይም። ተምታቶብሽ አይደለም የወደቅሽው። ሌሎች ወረቀቶችሽንም አውጥተሽ እንዲሁ ቁጠሪያቸው። የትኛው ይበዛል?

ስለ እህትሽ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ይህ የፈተና ጉዳይ ስላልሆነ ሰፊ ምክር የለኝም። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ ሁለቱንም መስማትሽ ለምን እንደ ጥፋት እንደተቆጠረ አልገባኝም። ስትጣሉ ሳይሆን ደህና በሆናችሁበት ሰዓት «እንደዚያ ስትይኝ ከፍቶኝ ነበር» ብትያትስ? ምናልባት ቀልድ ነበር። ምናልባት ደግሞ አንድ ቀን ከእሷ ጎን እንድትቆሚላት ፈልጋ ዝም ያልሽባት ጊዜ ይኖራል። ጠይቂያት።

የሁለት ሳምንቱን ወረቀት ከጻፍሻቸው ማጠፊያዎች ጋር ላኪልኝ። በተለይ እምቢ ያሉሽን ማጠፊያዎች ማየት እፈልጋለሁ።